ስኳሩ ለምን አሸዋ ሆነ? የባቅላቫ ሽሮፕና የካራሜል ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

የእህቴ ልጅ ክርስትና የፊታችን እሑድ ነው፤ ሰማንያ ቀኗ። ወጡን እናቴና አክስቶቼ ተከፋፍለውታል፤ እኔ ላይ የወደቀው ጣፋጩ ነው። ሁለት ትሪ ባቅላቫና 24 ክሬም ካራሜል። እንቁላሉም ወተቱም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ስኳሩ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ካራሜል ሞክሬ አንዱ አሸዋ ሆኗል፣ አንዱ ከሰል። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ድረስ በየምሽቱ ስኳር ብቻ እያፈላሁ የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

ያለኝ ዕቃ ይኸው ነው፦ ሥሩ ወፍራም የሆነ ነጭ የማይዝግ ድስት፣ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ እንደ መርፌ የሚሰካ ቴርሞሜትርና የኤሌክትሪክ ምድጃ። ድስቱ ነጭ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥቁር መጥበሻ ላይ ካራሜል ሲቀላ አይታይም።

ዛሬ የጀመርኩት በቀላሉ ነው ብዬ በገመትኩት፣ በባቅላቫው ሽሮፕ። 500 ግራም ስኳር፣ 300 ግራም ውኃ። ከውጭ መጽሐፍ የገለበጥኩት አሠራር «105 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ» ይላል። 105 እስኪደርስ ብዙ ቆየ፣ ግን ደረሰ። ድስቱን በልማድ መዘንኩት፤ የባዶውን ክብደት ስቀንስ ሽሮፑ 615 ግራም ነው። ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለ፣ የሚያምር። የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩትና ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት

ተጋግሯል። ከብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ያህል ጠጣር ስኳር ተቀምጧል፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ ላይ ደግሞ እንደ በረዶ ስስ ሽፋን ሠርቷል። ማንኪያ ሳስገባበት ኮሽ አለ።

ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ሚዛኑ ላይ ያየሁት ቁጥር ነው ነገሩን የፈታልኝ። 500 ግራም ስኳር በ615 ግራም ሽሮፕ ውስጥ ማለት ከመቶ 81 እጅ ስኳር ነው። በቤት ሙቀት ያለ ውኃ ደግሞ ሊይዝ የሚችለው የክብደቱን ሁለት እጥፍ ስኳር ያህል ነው፤ ከሽሮፑ ከመቶ 67 ገደማ ማለት ነው። በትኩሱ ብዙ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ትርፉን ይጥለዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያደረው ያንን ትርፍ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ 105 ያለው ለምንድነው? መልሱን ያገኘሁት ድስት ላይ ባዶ ውኃ አፍልቼ ቴርሞሜትሩን ስሰካበት ነው። ፍንድቅድቅ እያለ ይፈላል፤ ቁጥሩ ግን 92 ላይ ቆሟል። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው 100 ሳይደርስ ይፈላል።

መጽሐፉ የተጻፈው ውኃ በ100 ለሚፈላበት አገር ነው። እዚያ 105 ማለት ከውኃ መፍያ 5 ዲግሪ ከፍ ማለት ነው፤ ልክ እስከ ከመቶ 67 አካባቢ ያደርሳል። እኔ ጋ ግን 105 ማለት ከመፍያው 13 ዲግሪ ከፍ ማለት ነው። ሽሮፕ በወፈረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይጨምራል፤ ስለዚህ እነዚያን 13 ዲግሪዎች ለመውጣት 185 ግራም ውኃ አባርሬያለሁ። ባቅላቫ ላይ የሚፈስ ሽሮፕ ሳይሆን ወደ ከረሜላ የሚሄድ ነገር ነው የሠራሁት። «ብዙ ቆየ» ብዬ ስጽፍ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

የተጋገረውን አልጣልኩትም። የጎደለውን ውኃ መልሼ በቀስታ አሙቄ አሟሟሁት። ስኳር ክሪስታል ስለሆነ አይበላሽም፤ ውኃ ካገኘ ይሟሟል።

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ቴርሞሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ትቼ በሚዛን ሠራሁ። ሚዛን ከፍታ አያውቅም፤ ናዝሬትም ደብረ ብርሃንም ያው ነው።

500 ግራም ስኳር ከመቶ 67 እጅ የሚሆነው አጠቃላዩ 750 ግራም ሲሆን ነው። ስለዚህ ጠዋት መልሼ በ300 ግራም ውኃ ካሟሟሁት 800 ግራም ውስጥ 50 ግራም ብቻ ማብነን ነበረብኝ። መጀመሪያ በዝቅተኛ እሳት አሞቅኩት፤ አንድም የስኳር ፍሬ እንዳልቀረ ለማየት ጠብታ በቀዝቃዛ ማንኪያ አውጥቼ ሲበርድ በጣቶቼ መካከል አሸሁት። አይሻክርም። ከዚያ አፈላሁ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አንስቼ መዘንኩ፣ 750 ሲሆን አወረድኩ። ለመሞከር ቴርሞሜትሩን ስሰካው 97 ይላል፤ ከመጽሐፉ 8 ዲግሪ ዝቅ ያለ።

አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂም ጨምሬበታለሁ፤ ከመጀመሪያው፣ ከውኃው ጋር። የኛ ሎሚ ትንሹና ኮምጣጣው ስለሆነ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሥራው ጣዕም መስጠት ብቻ አይደለም። አሲዱ በሙቀት የስኳሩን የተወሰነ ክፍል ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። የስኳር ክሪስታል የሚያድገው አንድ ዓይነት ቅንጣቶች እንደ ጡብ ሲደረደሩ ነው፤ መሐላቸው ቅርጹ የማይገጥም ቅንጣት ሲገባ ድርድሩ ይደናቀፋል። ክፍፍሉ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው ሎሚው መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ የሚገባው።

ረቡዕ ጠዋት

ሽሮፑ እንደ ማር ጥርት ብሎ አድሯል። በክዳኑ ዙሪያም ፍሬ የለም። የባቅላቫው ጉዳይ አለቀ።

ረቡዕ ማታ

ወደ ካራሜል። ረቡዕ ስለሆነ ክሬሙን መቅመስ አልችልም፤ ካራሜሉ ግን ስኳርና ውኃ ብቻ ነው፣ ጾም ነው። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ።

200 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም ውኃ። ውኃውን ያሳነስኩት ቶሎ እንዲተን ብዬ ነው። ምድጃውን ከፍ አድርጌ በእንጨት ማማሰያ እያማሰልኩ ጠበቅኩ። ፈላ፣ ወፈረ፣ አረፋው ትልልቅ ሆነ። ከድስቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ነጭ ጠብታ ደርቆ ነበር፤ በማማሰያው ጠርጌ ወደ ውስጥ መለስኩት። ከዚያ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ድስቱ ደፈረሰ፣ ነጣ፣ ቆመ። እርጥብ አሸዋ። ማማሰያው ውስጡ ተተክሎ ቀረ።

የግቢያችን ጋሼ በበሩ ሲያልፉ አዩኝ። ጡረታ ሳይወጡ በፊት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። ድስቱን አይተው ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ ወንጂ ፋብሪካ ከፈትሽ እንዴ?»

ቀልዳቸው ቀልድ ብቻ አይደለም። ወንጂ ውስጥ የሸንኮራው ጭማቂ ወፍሮ ከሚችለው በላይ ስኳር ሲሸከም፣ ሆን ተብሎ በጣም የደቀቀ ስኳር ይጨመርበታል፤ በዚያ ዘር ዙሪያ ሌላው እየተለጠፈ ፍሬ ይሆናል። እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው፤ ግድግዳው ላይ የደረቀውን ስኳር ጠርጌ ዘር ዘራሁበት።

«ማማሰያሽን ጣይው» አሉኝ። «ስኳር እስኪሟሟ አማስዪ። ከፈላ በኋላ አትንኪው።»

«ጠርዙ ላይ የሚደርቀውስ?» አልኳቸው።

«ክደኚው። እንፋሎቱ ራሱ ያጥበዋል።»

ቁጭ ብዬ ሳስበው ሦስት ስህተት ነበረብኝ፤ አንዱ ከሌላው ይከፋል። ዋናው የውኃው ማነስ ነው። 60 ግራም ውኃ 200 ግራም ስኳር የሚያሟሟው በጣም ከሞቀ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ፍሬው ሳያልቅ አፈላሁት። የኛ ስኳር ፍሬው ትልልቅ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ትንሽ ውኃ መጨመር የሚያስከፍለኝ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ የተረፈው ውኃ ለማንኛውም ይተናል። ማማሰሉ ሁለተኛው ነው፤ ወፍራም ሽሮፕ ሲንቀሳቀስ ቅንጣቶቹ እየተጋጩ ይያያዛሉ። ሦስተኛው ያ የጠረግኩት ጠብታ። ከእንጨት ማማሰያ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ የድሮ ስኳርም ዘር ሊሆን ይችላል፤ ከዛሬ ጀምሮ በሲሊኮን ማንኪያ ነው የማሟሟው።

100 ግራም ውኃ ጨምሬበት በዝቅተኛ እሳት እንደገና አሟሟሁት። ከላይ ግራጫ አረፋ ተንሳፈፈ፤ ስኳሩ ውስጥ የነበረ እድፍ ነው፣ በማንኪያ ገፈፍኩት። ያም አንዱ ለክሪስታል መያዣ የሚሆን ነገር ነው። ሲፈላ ሁለት ደቂቃ ከደንኩት። ስከፍተው ግድግዳው ታጥቦ ያበራል። ከዚያ ክዳኑን አንስቼ እሳቱን ጨመርኩና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

መጽሐፉ ለካራሜል 170 ይላል። እኔም የማክሰኞን ትምህርት ይዤ 8 ቀነስኩና በ162 አወረድኩት። ገለባ የመሰለ ቢጫ። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ብቻ ነው፤ ካራሜል ካራሜል አይልም። አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?

ሐሙስ ማታ

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ሳስብ የዋልኩት ይህንን ነው፤ ሲገባኝ ደግሞ ቀላል ነው። 8 ዲግሪ የሚቀነሰው ሙቀቱ የሚነግረኝ ስለ ውኃ ሲሆን ብቻ ነው። ለሽሮፕና ለከረሜላ ቴርሞሜትሩ የሚለካው «ስንት ውኃ ቀረ» የሚለውን ነው፤ ውኃ እኛ ጋ ቀድሞ ስለሚፈላ ቁጥሩም ቀድሞ ይመጣል። ካራሜል ላይ ግን ውኃው አልቋል ማለት ይቻላል። እዚያ የሚሆነው የስኳሩ ራሱ መሰባበር ነው፤ ቀለሙም ሽታውም ምሬቱም ከዚያ ይመጣል። የስኳር መሰባበር የአየር ግፊት አይጠይቅም። ስለዚህ 170 አሰብ ወደብም 170 ነው፣ እንጦጦም 170 ነው።

በአጭሩ ድስቱ አንድ ቢሆንም የቁጥሩ ትርጉም መንገድ ላይ ይቀየራል። ይህንን የሚነግር አሠራር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አዲስ አበባ ሆኖ በውጭ መጽሐፍ ለሚሠራ ሰው ግን ዋናው ነገር ይኸው ይመስለኛል።

በዚህ እውቀት ተኩራርቼ ዛሬ አቃጠልኩት። 200 ስኳር፣ 100 ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሎሚ። ማሟሟቱም መክደኑም እንደ ትናንቱ። ቁጥሩ ከ95 እስከ 120 በዝግታ ተንፏቀቀ፤ ውኃው እየተነነ ስለሆነ ሙቀቱ ሁሉ ወደ እንፋሎቱ ነው የሚሄደው። እኔም ሰለቸኝና ስኒዎቹን ላደራርድ ዞር አልኩ። ውኃው ካለቀ በኋላ ግን ሙቀቱን የሚወስድለት ነገር የለም። ከ150 ወደ 170 ስመለስ እያየሁት ሮጠ። 170 ላይ ምድጃውን አጠፋሁና ድስቱን እዚያው ተውኩት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢጠፋም ሽቦው እንደጋለ ነው፤ ድስቱም ራሱ ሙቀት ይዟል። 178፣ 185፣ ከዚያ ጭስ። ጥቁር ቡና መሰለ፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

ይህኛው አይመለስም። አሸዋ የሆነ ስኳር ውኃ ሲያገኝ ይታረቃል፤ የተቃጠለ ግን ሌላ ነገር ሆኗል፣ ውኃም ስኳርም ቢጨመርበት መራራነቱ አይለቅም። ደፋሁት።

ለነገ፦ ከሚፈለገው ቀለም ቀደም ብሎ ከምድጃው ማንሳት፣ ዝቅተኛ እሳት ከ150 በኋላ፣ እና አጠገቡ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ሳፋ፤ የድስቱን ሥር ለመንከር። ሳፋው ለእጅም ነው። ካራሜል ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ እንደ ፈላ ውኃ ተንሸራቶ አይወርድም።

ቴርሞሜትሩንም ጠርጥሬዋለሁ። 200 ግራም ስኳር ድስቱ ውስጥ የጣት ውፍረት እንኳ የለውም፤ ጫፉ የድስቱን ሥር ከነካ የብረቱን ሙቀት ነው የሚያነበው። ድስቱን ዘንበል አድርጌ ስኳሩን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቤ መለካት አለብኝ።

ዓርብ ማታ

ጋሼ መጥተው የራሳቸውን አሳዩኝ፤ ያለ ውኃ። ደረቅ ድስት፣ መካከለኛ እሳት፣ አንድ እፍኝ ስኳር። ዳሩ ሲቀልጥ ድስቱን ያወዛውዙታል፤ ከቀለጠ በኋላ ሌላ እፍኝ፣ ከዚያ ሌላ። ውኃ ስለሌለ ሽሮፕ ሆኖ ተመልሶ የሚጋገርበት ዕድል የለም፤ ስለዚህ ማማሰልም አይከለክሉም። ስድስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ስሞክረው ግን ዳሩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ገና ፍሬ ነበር። የርሳቸው ዓይንና እጅ የለኝም። እኔ በውኃው እቀጥላለሁ፤ ቀስ ይላል፣ ግን ለማሰብ ጊዜ ይሰጠኛል።

ድስቱ 115 ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። በጣም ጥሩ። እጄ ማንኪያ ፍለጋ ሄዶ ነበር፤ ጋሼ «ተይው!» አሉኝ። ከደንነውና በሻማ ቡና ጠጣን። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ሽሮፑ ቀዝቅዞ እንደ ሙጫ ወፍሯል፣ ግን አንድም ፍሬ አልያዘም። ሎሚው፣ የታጠበው ግድግዳና አለመነካቱ አብረው አዳኑት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈላ ውኃ ጠብ አድርጌ በዝቅተኛ እሳት መልሼ አስነሳሁት።

የቀለም ጉዳይ። የኛ ስኳር ከመጀመሪያውም ትንሽ ቢጫ ስለሆነ ሽሮፑ ገና ሳይደርስ የደረሰ ይመስላል። ድስት ውስጥ ደግሞ ጥልቀቱ ያጠቁረዋል። ጋሼ ነጭ ሳህን አስቀምጠው በየጊዜው ጠብታ ያስጥሉኛል፤ እውነተኛው ቀለም ሳህኑ ላይ ያለው ነው። ሽታም አለ፤ መጀመሪያ የጥጥ ከረሜላ፣ ቀጥሎ የተቆላ ለውዝ የሚመስል፤ ዓይን ሲያቃጥል ያለፈበት ነው። ሎሚ ያለበት ድስት ቀለም ቀደም አድርጎ ይይዛል፤ ከተከፈለው ስኳር ውስጥ ፍሩክቶሱ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቀላ ነው። ስለዚህ ሎሚ ባለበት ከቁጥሩ ይልቅ ጠብታውን አምናለሁ።

ሳህኑ ላይ የጠጅ ቀለም ሲሆን አነሳሁት፣ ሥሩን ሳፋው ውስጥ ለሦስት ሰከንድ ነከርኩት። ጢስ የለም። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ሆኖ መጨረሻ ላይ ትንሽ ምሬት። ይኸው ነው።

ቅዳሜ

ዋናው ቀን። ለ24 ስኒ 300 ግራም ስኳር፣ 150 ግራም ውኃ፣ የሻይ ማንኪያ ሦስት ሩብ ሎሚ። ለእያንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይደርሰዋል። ስኒዎቹን ቀድሜ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ አደረቅኳቸው፤ ቀዝቃዛ ከሆኑ ካራሜሉ ሥራቸው ላይ ሳይሰራጭ ይደርቃል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለኮስኩ። ማሟሟቱ ሰባት ደቂቃ፣ በጣት ፈተሽኩ፣ አረፋውን ገፈፍኩ፣ ሁለት ደቂቃ ከደንኩ። ከዚያ ስልኬን ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀመጥኩትና ድስቱ ፊት ቆምኩ። 150 ሲሆን እሳቱን ዝቅ፤ 166 ላይ ሳህኑ የጠጅ ቀለም አሳየኝ። አነሳሁ፣ ነከርኩ፤ በድስቱ ሙቀት ብቻ ወደ 171 ወጥቶ ቆመ።

አንድ ነገር ብቻ አዲስ ነበር። ከመጨረሻው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፈላ ውኃ ጨመርኩበት፤ ያለዚያ ስኒ ሥር እንደ መስታወት ይደርቅና ሲገለበጥ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ፈላ ውኃ እንኳ ሲነካው እንደ እሳተ ገሞራ ይንፈቀፈቃል፤ ድስቱን ከፊቴ አርቄ፣ እጄን በጨርቅ ሸፍኜ ነው ያደረግኩት። አንድ ሁለት ጠብታ ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ ምድጃዬ እስካሁን ያጣብቃል።

18ኛው ስኒ ላይ ስደርስ ድስቱ ውስጥ ያለው ወፍሮ እንደ ክር መሳብ ጀመረ። ግማሽ ደቂቃ ዝቅተኛ እሳት ላይ መለስኩትና ቀጠልኩ። የመጨረሻው ስኒ ከሌሎቹ ጠቆር ይላል። ያቺን ለራሴ ምልክት አድርጌባታለሁ።

ክሬሙ ከምጣድ ወጥቶ ፍሪጅ ገብቷል። ባቅላቫው ትኩስ እያለ የማክሰኞው ቀዝቃዛ ሽሮፕ ፈሶበት ሲንጫጫ ሰምቼዋለሁ። የካራሜሉን ድስት አልፈገፈግኩትም፤ ውኃ ሞልቼ አፈላሁት፣ የተጣበቀው ሁሉ ራሱ ለቀቀ። ያንን ቡናማ ውኃ ጋሼ ለሻይ ይሆናል ብለው በፔርሙዝ ወሰዱት።